ተገልብጦ የሚነበብ ወንበር

አሮጌ ወንበር ያለው ሰው «ይህ የማን ሥራ ነው? ስንት ዓመቱ ይሆን?» ብሎ ለዐዋቂ ፎቶ ሲልክ፣ ብዙ ጊዜ የሚልከው ወንበሩን በደንብ ወልውሎና ግድግዳ አስደግፎ ከፊት ለፊት ያነሳውን ነው። ፎቶው ያምራል፤ ግን ብዙ አይናገርም። ዐዋቂው ምስሉን ለአፍታ አይቶ የሚመልሰው መልስ አንድ ነው፦ «ገልብጠው ያንሱልኝ።» ወንበር ስሙንና ዕድሜውን የሚይዘው ማንም በማያየው ቦታ፣ በመቀመጫው ሥር፣ እግሩ በተሰካበት ቀዳዳና በብሎኖቹ ራስ ላይ ነውና።

ይህን በሌላ በየትኛውም ወንበር ከማስረዳት ይልቅ በአንዱ ማስረዳት ይቀላል። እሱም በቪየና የተወለደው፣ «14 ቁጥር» በመባል የሚታወቀው የቶኔት ወንበር ነው። አንባቢ ስሙን ባያውቀው እንኳ መልኩን ሳያውቀው አይቀርም። የኋላ እግሮቹና መደገፊያው ከአንድ ዘንግ ወጥተው እንደ ቅስት የታጠፉ፣ በቅስቱ ውስጥ ሌላ ትንሽ ቅስት ያለበት፣ ክብ መቀመጫው በቀጭን ልጥ የተሸመነ ቀላል የካፌ ወንበር ነው። እስከ 1930 ድረስ 50 ሚሊዮን ያህል እንደተመረተ ይነገራል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሚካኤል ቶኔት በ1796 በራይን ወንዝ ዳር ባለችው ቦፓርድ ከተማ የተወለደ አናጢ ነበር። በ1830ዎቹ ስስ የእንጨት ልጦችን በኮላ እየደራረበ በማጠፍ ወንበር መሥራት ጀመረ። ሥራውን ያዩት የኦስትሪያው ባለሥልጣን ሜተርኒክ ወደ ቪየና ጋበዙት፤ በ1842ም እዚያ ገባ። በ1853 ድርጅቱን ለአምስት ወንዶች ልጆቹ አስተላለፈ፤ ስሙም «ገብሩደር ቶኔት»፣ ማለትም «ወንድማማቾች ቶኔት» ሆነ። በ1856 ከልጥ ይልቅ ድፍን እንጨትን ለማጠፍ የብቻ መብት አገኙ፤ በዚያው ሰሞንም የቢች ዛፍ በሞላበት በሞራቪያ ምድር፣ ኮሪቻኒ በምትባል ከተማ ፋብሪካ ተከሉ። 14 ቁጥር በ1859 ገበያ ወጣ። ስድስት የእንጨት ክፍል፣ አሥር ብሎንና ሁለት ዳዶ ብቻ ነበረው። ተፈታትቶ ሲታሸግ በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ 36 ወንበር ይገባ ነበር።

ለመርማሪው ችግር የሚሆነውም ይኸው ስኬት ነው። የብቻ መብቱ በ1869 ሲያበቃ ሌሎች ፋብሪካዎች ያንኑ ወንበር በያኑ ቅርጽ ማምረት ጀመሩ። ከሁሉም የገነነው ያዕቆብና ዮሴፍ ኮን የተባሉት የቪየና አምራቾች ድርጅት ነበር። የኮን 14 ቁጥርና የቶኔት 14 ቁጥር ጎን ለጎን ቢቆሙ ከፊት ለፊት የሚለያቸው ዐይን እጅግ ጥቂት ነው። ነገሩ በዚህም አላበቃም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቼኮዝሎቫኪያና በፖላንድ የነበሩት የቶኔትና የኮን ፋብሪካዎች በመንግሥት ተወረሱ፤ ሥራቸውን ግን አላቆሙም። የቢስትርዢትሴው ፋብሪካ «ቶን» በሚል ስም እስከ ዛሬ ያንኑ ወንበር ይሠራል። በጀርመን ፍራንከንበርግ የሚገኘው ቶኔትም «214» ብሎ ቁጥሩን ቀይሮ ይሠራዋል። ስለዚህ ቅርጹ «ይህ 14 ቁጥር ነው» ከማለት አያልፍም። በ1862 ይሠራ ወይም በ1972፣ በቶኔት ይሁን በኮን፣ ለማወቅ ወንበሩን መገልበጥ ግድ ነው።

ከመገልበጡ በፊት ግን አንድ ሕግ መያዝ ያስፈልጋል። በወንበር ላይ የሚገኝ ምልክት ሁሉ በመጀመሪያ የሚናገረው «ከዚህ ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም» የሚለውን ነው። ኋላ የተፈለሰፈ ነገር ቀድሞ በተሠራ ዕቃ ላይ ከመነሻው ሊኖር አይችልምና። ሕጉ የሚሠራው ግን ያ ነገር ከወንበሩ ጋር አብሮ ለተወለደበት ጊዜ ብቻ ነው። ብሎን ይቀየራል፣ መቀመጫ ይታደሳል፣ ወረቀት ይለጠፋል። ስለዚህ ምርመራው ለመቀየር ከሚያስቸግረው ይጀምርና ለመቀየር ወደሚቀለው ይወርዳል፤ መጀመሪያ እንጨቱ ራሱ፣ ቀጥሎ መጋጠሚያው፣ ከዚያ ብረቱ፣ በመጨረሻ ወረቀቱ። አብዛኛው ሰው ይህን ገልብጦ ከወረቀቱ ይጀምራል፤ አብዛኛው ስሕተትም የሚመጣው ከዚያ ነው።

እንጨቱ ምን ይላል? የመደገፊያውን ቅስት ከላይ፣ እጅግ በታጠፈበት ቦታ በቅርብ ያነሳ ፎቶ ሦስት ነገሮችን ይለያል። በመጀመሪያ የእንጨቱ ጭረት ከቅስቱ ጋር አብሮ ሳይቋረጥ ከዞረ እንጨቱ በእርግጥ ታጥፏል ማለት ነው። ጭረቱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጠርዙ ላይ ከተቆረጠ ግን ቅስቱ የተገኘው በመጋዝ ተቆርጦ ነው፤ እንዲህ ያለው የቶኔት ሥራ አይደለም። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ በዘንጉ ጎን ላይ እርስ በርስ እኩል የተራራቁ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ጠርዝ የተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮች ከታዩ እንጨቱ ድፍን ሳይሆን ተደራርቦ በኮላ የተለጠፈ ነው። ተለጥፎ የታጠፈ ክፍል የድርጅቱ የመጀመሪያ ዘመን ምልክት ነው። የመጀመሪያዎቹ 14 ቁጥሮች ላይም በአንዳንድ ክፍሎች ይገኛል።

ቶኔት ከልጥ ወደ ድፍን እንጨት የተሻገረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ወንበሩ በመርከብ ወደ ሩቅና ሞቃት አገር ሲላክ የባሕሩ እርጥበትና ሙቀቱ ኮላውን ያላቅቀው ነበር። ድፍን እንጨት ደግሞ ሲታጠፍ በውጭው በኩል ይሰነጠቅ ነበር። እንጨት በእንፋሎት ሲለሰልስ ሲጫኑት እሺ ብሎ ይጨማደዳል እንጂ ሲስቡት ብዙ አይለጠጥም። መፍትሔው ቀላልና ብልህ ነበር። በዘንጉ ውጫዊ ጎን ላይ የብረት ቀበቶ ይታሰርና ሁለቱ ጫፎች ይቆለፋሉ። ከዚያ ሲታጠፍ ውጩ እንዲለጠጥ ቀበቶው አይፈቅድም፤ መጠፉን ሁሉ ውስጡ በመጨማደድ ይችለዋል። ዘንጉ ከነቀበቶው በብረት ቅርጽ ማውጫ ላይ ታስሮ እስኪደርቅ ይቆያል። በፎቶ ላይ ያለ ስንጥቅ በውጭው በኩል ዙሮ የሚሄድ፣ ውስጡም ለስላሳ የሆነ ቅስት ይህን አሠራር ይመሰክራል። የሚመሰክረው ግን የአሠራሩን ዘዴ ነው፤ ኮንም ያንኑ ዘዴ ተጠቅሟልና የአምራቹን ስም አይናገርም።

አሁን ወደ መጋጠሚያው። ወንበሩ ተገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የመቀመጫው ክብ ጠርዝ፣ አራቱ እግሮችና እግሮቹን ከውስጥ የሚያያይዘው ቀለበት ይታያሉ። ቀለበቱ ራሱ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 14 ቁጥሮች ላይ አልነበረም፣ ኋላ የተጨመረ ነው። ቀለበት የሌለው ወንበር የተገኘ እንደሆነ ግን ወዲያው «ጥንታዊ ነው!» ብሎ መደሰት አይገባም። በእግሮቹ ውስጠኛ ጎን፣ በአንድ ዓይነት ከፍታ፣ የተደፈነ የብሎን ቀዳዳ መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት። ቀዳዳ ካለ ቀለበቱ ነበረ፤ ጠፍቷል ማለት ነው።

የፊት እግር አሰካክ ደግሞ በፎቶ ብቻ በቀላሉ የማይገኝ ምስክር ነው። በአሮጌዎቹ ላይ የእግሩ ራስ በብሎን አይታሰርም፤ ራሱ እንደ ብሎን ጥርስ ተቀርጾለት ወደ መቀመጫው ጠርዝ እየዞረ ይገባል። እንጨት በእንጨት ውስጥ ይጠበቃል። እግሩ ላልቶ ሲወጣ የተነሳ አንድ ፎቶ ይህን የእንጨት ጥርስ በግልጽ ያሳያል። በቅርብ ዘመን በተሠሩና በተጠገኑ ወንበሮች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ለስላሳ፣ ጥርስ የሌለው፣ በኮላ የተለጠፈ ወይም ከታች በብረት ብሎን የተያዘ ራስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ያልላላ እግርን ለፎቶ ሲሉ መጠምዘዝ ክልክል ነው። መቶ ዓመት የተቀመጠ የእንጨት ጥርስ ሲሰበር መረጃውም ወንበሩም አብረው ይሰበራሉ።

የመቀመጫው ጠርዝ ከታች በኩል ሌላ ታሪክ ይናገራል። መቀመጫው በእጅ የተሸመነ ከሆነ በጠርዙ ዙሪያ ሁሉ የተደረደሩ ትናንሽ ቀዳዳዎች ከላይ እስከ ታች ይዘልቃሉ፤ ልጡ በእነሱ እየገባና እየወጣ ነው የተሸመነው። በማሽን ተሸምኖ እንደ ጨርቅ ተቆርጦ የሚገባው ግን ቀዳዳ አያስፈልገውም፤ በጠርዙ ላይ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ተጨፍልቆ በቀጭን ክር መሰል እንጨት ይያዛል። ስለዚህ ሁለት ፎቶ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ከታች ቀዳዳ፣ ከላይ ደግሞ ቦይ ከታየ ወንበሩ በእጅ ተሸምኖ ተወልዶ ኋላ በማሽን ሽመና ታድሷል። ከታችም ቀዳዳ ከሌለ የመቀመጫው ጠርዝ ገና ከመነሻው ለማሽን ሽመና ወይም ለኮምፔርሳቶ መቀመጫ የተሠራ ነው። ኮምፔርሳቶ ስለታየ ብቻ «አዲስ ነው» ማለትም ስሕተት ነው፤ ቶኔት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሙቀት ጌጥ የታተመበት የኮምፔርሳቶ መቀመጫ ይሸጥ ነበር።

ብረቱ ጥቂት ቃላት ይበቁታል። የብሎንና የቪቴ ራስ በቅርብ ይነሳ። አንድ መስመር ብቻ ያለው ራስ በጣም ረጅም ዘመን ያገለገለ ስለሆነ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የመስቀል ቅርጽ ያለው ራስ ግን ይናገራል፤ የፊሊፕስ ቪቴ ወደ ኢንዱስትሪ የገባው በ1936 ነውና ከዚያ በፊት በምንም ወንበር ላይ ሊኖር አይችልም። በአሥሩ ብሎኖች መሐል ሁለቱ ብቻ መስቀል ራስ ከሆኑ ሁለት ብሎን ተቀይሯል እንጂ ወንበሩ ከ1936 በኋላ መሠራቱን አያረጋግጥም። ሁሉም መስቀል ራስ ከሆኑና በዙሪያቸው የቀድሞ ብሎን ዱካ ከሌለ ግን ወንበሩ ራሱ የኋለኛው ዘመን ነው። ያ ዱካ የሚታየው ራሱ በተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው፦ ከአዲሱ ራስ የሚሰፋ ክብ ጥቁረት፣ የዛገ ጥላ፣ ወይም በካቻቪቴ የተፋቀ ጠርዝ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወረቀቱ ይነበባል። ቶኔትም ሆነ ኮን ስማቸውን የሚያኖሩት በመቀመጫው ጠርዝ ውስጠኛ ጎን ላይ ነበር። አንዳንዴ በእንጨቱ ላይ የተመታ ማኅተም ነው፤ አንዳንዴ የተለጠፈ ወረቀት፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱም። ማኅተሙ በቫርኒሽ ተሞልቶ በፊት ለፊት ብርሃን አይታይም። ክፍሉን አጨልሞ የእጅ ባትሪን ከጎን፣ ከእንጨቱ ጋር አስተካክሎ ማብራት ነው፤ ያኔ የጎደጎዱት ፊደላት ጥላ ይይዛሉ።

በወረቀቱ ላይ ያሉት ቃላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዘመን አላቸው። «ገብሩደር ቶኔት» ከ1853 በፊት አይሆንም። በ1914 ኮን «ሙንዱስ» ከሚባለው ድርጅት ጋር ተዋሐደ፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቶኔትም ተቀላቀላቸው። ስለዚህ «ቶኔት ሙንዱስ» የሚል ወረቀት ከዚያ ወዲህ ነው። «ቼኮዝሎቫኪያ» የሚል ቃል ካለበት አገሪቱ ከተመሠረተችበት ከጥቅምት 1918 በፊት ሊሆን አይችልም። «ሊግና» የሚል ካለበት የጦርነቱ ማግስት የቼኮዝሎቫኪያ የእንጨት ውጤቶች ላኪ ድርጅት ነው። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ «ኦስትሪያ» የሚል ቃልም ትኩረት ይሻል፤ ጀርመንኛ ተናጋሪው አምራች አገሩን የሚጠራው «ኧስተራይሽ» ብሎ ነው። አሜሪካ በ1890 ያወጣችው የቀረጥ ሕግ ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የመጣበት አገር ስም በእንግሊዝኛ እንዲጻፍበት አስገደደ። በመሆኑም ይህ ቃል ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ገበያ የተላከን፣ ከ1891 ወዲህ የተሠራን ወንበር ያመለክታል። «ብዙ ጊዜ» መባሉም በምክንያት ነው፤ ጣሊያንኛና ስፓኒሽም አገሪቱን በዚያው አጻጻፍ ይጠሯታልና ወንበሩ ለእነሱ ገበያ ቀድሞ ተልኮም ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ በአንድ ወንበር ላይ እንሞክረው። ባለቤቱ አምስት ፎቶ ልኳል እንበል።

የመጀመሪያው ፎቶ ሙሉ ወንበሩን ያሳያል፤ 14 ቁጥር መሆኑ ግልጽ ነው፤ ቀለበትም አለው። ሁለተኛው የቅስቱን ጫፍ በቅርብ ያሳያል፤ ጭረቱ ከቅስቱ ጋር ዞሯል፣ የልጥ መስመር የለም፣ ድፍን ነው። እስካሁን የሚታወቀው ይህ ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አይደለም፤ በቶኔት፣ በኮን፣ ወይም ከ1869 በኋላ በተነሱት በርካታ አምራቾች ሊሠራ ይችላል። ሦስተኛው ፎቶ መቀመጫውን ከታች ያሳያል፤ ቀዳዳዎቹ ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ ከላይ ግን ሽመናው በቦይ ውስጥ ተጨፍልቋል። መቀመጫው ታድሷል፤ ጠርዙ ግን የእጅ ሽመና ዘመን ነው። አራተኛው አንዱን የላላ የፊት እግር ያሳያል፤ ራሱ ላይ የእንጨት ጥርስ አለ። ከጎኑ የቀለበቱ ብሎኖች ይታያሉ፤ ሁለቱ መስቀል ራስ ናቸው፣ ዙሪያቸውም ከራሳቸው የሚሰፋ የዝገት ክብ አለ። ከ1936 በኋላ የተደረገ ጥገና ነው፤ ስለ ወንበሩ ልደት ምንም አይናገርም።

አምስተኛው ፎቶ የወረቀቱ ነው። ግራ ጎኑ ተበልቷል፣ ቀኝ ጎኑም ተቀዷል። የሚነበበው ከላይ «...ኔት»፣ ከሥሩ «ቪን»፣ ማለትም ቪየና በጀርመንኛ፣ ከዚያም «ኦስትሪያ» ነው።

ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው እዚህ ላይ «ቶኔት፣ 1891 እና ከዚያ በኋላ» ብሎ ይዘጋዋል። አምራቹን በተመለከተ ልክ ነው፤ ከታወቁት አምራቾች መሐል ስሙ በዚያ ፊደል የሚያበቃ ሌላ የለምና ኮን ይወጣል። ዕድሜውን በተመለከተ ግን ገና አንድ ወጥመድ አለ። ወረቀቱ የተቀደደው በቀኝ ነው፤ «ቶኔት» ከሚለው ቃል በኋላ «ሙንዱስ» የሚል ተከትሎ ሊሆን ይችላል። እውነት ከሆነ ወንበሩ በአንዴ ወደ 1920ዎቹ ይሻገራል። ይህን የሚፈታው ፎቶውን አቅርቦ የመጨረሻውን ፊደል ቀኝ ጎን ማየት ነው። ከፊደሉ ቀጥሎ የታተመው የክፈፍ መስመር ወደ ታች ሲታጠፍ ከታየ ወረቀቱ እዚያ ያበቃል፤ ለ«ሙንዱስ» ቦታ የለም። ክፈፉ ካልታየና ወረቀቱ ባዶውን ከተቀደደ ጥያቄው ክፍት ይሆናል። በዚህኛው ፎቶ የክፈፉ ጥግ ይታያል እንበል። ብርሃኑን ከጎን አድርጎ የተነሳ ተጨማሪ ፎቶም ከወረቀቱ አጠገብ «ቶኔት» የሚል የተመታ ማኅተም አወጣ።

ፍርዱ እንግዲህ እንዲህ ይጻፋል፦ የገብሩደር ቶኔት 14 ቁጥር፤ ወደ ውጭ የተላከ ሳይሆን አይቀርም፤ ከ1890ዎቹ መጀመሪያ እስከ ሙንዱስ ውሕደት ባለው ጊዜ፤ መቀመጫው ኋላ የታደሰ፤ ሁለት ብሎኖች የተቀየሩ። «1900 ገደማ» ተብሎ አንድ ዓመት አይጻፍም። በእጅ ያለው ማስረጃ የሚሰጠው ሠላሳ ዓመት የሚሆን ክልል ነው፤ ክልሉን በግምት ማጥበብ ገዢን ማሳሳት ነው። ወንበሩ ከ1918 በፊት ወይም በኋላ መሠራቱን እንኳ ይህ ወረቀት አይለይም፤ ግዛቱ ከፈረሰ በኋላም ቪየና የኦስትሪያ ከተማ ሆና ቀጥላለችና።

ከፎቶ ብቻ ሊታወቅ የማይችል ሌላ ነገርም አለ። 14 ቁጥር በብሎን የሚፈታና የሚገጠም ስለሆነ ክፍሎቹ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው በቀላሉ ይዛወራሉ። አንድ ካፌ አርባ ወንበር ኖሮት አሥሩ ሲሰበሩ ከአምስት ስብርባሪ ሁለት ደህና ወንበር ማውጣት የተለመደ ነገር ነበር። በዚህ መንገድ የቶኔት ስም ያለበት መቀመጫ የኮን መደገፊያ ይዞ ሊገኝ ይችላል። በፎቶ የሚያሳብቁት ምልክቶች ሦስት ናቸው። የመደገፊያው ቀለምና የመቀመጫው ቀለም፣ በተለይ እጅ በማይደርስበት ቦታ፣ አይገጥምም። በኋላ እግሩ ላይ ያለው ቀዳዳ ከመቀመጫው ቀዳዳ ጋር ስለማይገጣጠም ከጎኑ ሁለተኛ ቀዳዳ ተበስቷል። የዘንጉ ውፍረትም ከፊት እግሮቹ ጋር አይስማማም። ለዚህ ነው መጋጠሚያው ሁሉ፣ አራቱም እግር፣ ለየብቻ መነሳት ያለበት። አንዱን አንስቶ «ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው» ማለት ማስረጃውን ግማሽ ያደርገዋል።

ወረቀቱ ራሱም ይመረመራል፤ የተጭበረበረ አለና። መቶ ዓመት የተለጠፈ ወረቀት ሥር ያለው እንጨት አየርና ጭስ ስላላገኘው ከዙሪያው ፈካ ይላል። በአንድ ጥጉ የተገነጠለ ወረቀት ሥር የፈካ እንጨት መታየት አለበት። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ አዲስ ቫርኒሽ በተቀባ እንጨት ላይ፣ ከቫርኒሹ በላይ፣ ቢጫ ያለ «አሮጌ» ወረቀት ከተቀመጠ ወረቀቱ ከእድሳቱ በኋላ የመጣ ነው። በማጉያ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ ቅርብ ሆኖ ሲታይ ደግሞ የጥንቱ ማተሚያ ፊደል ሙሉ ቀለም ነው፤ የዛሬው የቤት ማተሚያ ግን በቀለም ነጠብጣብ የተሠራ ነው። በተቃራኒው፣ ወረቀቱ ጠፍቶ አራት ማዕዘን ፈካ ያለ ቦታ ብቻ የቀረ ከሆነ እሱም ይነሳ። መጠኑን በማስመሪያ ለክቶ ከታወቁ ወረቀቶች ጋር ማወዳደር ይቻላል፤ ስም ባይኖርም የስም ቦታ ይናገራል።

ፎቶ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚስተው ብርሃኑን ነው። የስልክ ፍላሽ በቫርኒሽ ላይ ነጸብራቅ ሠርቶ ፊደሉን ይሸፍናል። በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳታርፍ፣ ያለ ፍላሽ ማንሳት ይሻላል። ከእያንዳንዱ መጋጠሚያ አጠገብ ማስመሪያ ወይም የታወቀ ሳንቲም ቢቀመጥ የዘንጉ ውፍረትና የብሎኑ ራስ መጠን ይታወቃል። ወረቀቱ አቧራ ቢኖረውም በውኃ ወይም በአልኮል መጥረግ አይገባም፤ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ ነው። ውኃ ኮላውን ያላቅቃል፤ አልኮል ደግሞ ቫርኒሹን አሟሙቶ ከወረቀቱ ላይ ያወርደዋል፣ ቀለሙንም ይዞ ይሄዳል።

የታጠፈ መደገፊያ ያለው አሮጌ ወንበር በቤትዎ ካለ ወደ ቫርኒሽ ቤት ከመላክዎ በፊት ይገልብጡትና የመቀመጫውን ጠርዝ ዙሪያውን፣ አራቱን እግሮች አንድ በአንድ፣ የብሎኖቹን ራስ ሁሉ ያንሱ። ለአናጢውም «የውስጡን ጠርዝ እንዳትነካው» ብለው ይንገሩት፤ ሰው የማይቀመጥበትና የማያየው ቦታ ስለሆነ ሳይፋቅ ቢቀር ወንበሩን አያስቀይመውም።